ግሊሰሪኑ ለእህቴ ሠርቶ ለእኔ ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦

«የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ የሁለቱም እግሮቼ ቅልጥም እንደ ዓሣ ቅርፊት ይቀረፋል፤ ጥቁር ካልሲ ሳወልቅ ውስጡ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጅዳ የምትኖረው እህቴ ቆዳዋ በግሊሰሪን ስለተስተካከለላት እኔም ከፋርማሲ ገዝቼ ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ በደንብ ደርቄ እቀባለሁ። ለጥቂት ደቂቃ ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ያጣብቃል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ይወጥረኛል፣ ያሳክከኛልም። ቅርፊቱን በሻካራ ስፖንጅ ፈግፍጌ ባነሣው በማግስቱ ይመለሳል። እናቴ ቅቤ ተቀቢ ትላለች፤ ጓደኛዬ ቫዝሊን ትላለች። የማንን ልስማ?»

ቆዳዋ የደረቀባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ የገዙት ግሊሰሪን የተበላሸ አይመስለኝም፤ የእህትዎም ምስክርነት እውነት ነው። የሁለታችሁን ውጤት የለያየው አየሩ ነው። ጅዳ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ስለሆነች ከቤት ውጭ ያለው አየር ብዙ ጊዜ እርጥበት የተሸከመ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራትም ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ አየሩ ደግሞ በጣም ደረቅ ይሆናል። ግሊሰሪን የሚሠራው ውሃን ወደ ራሱ በመሳብ ነው። ውሃውን ከየት እንደሚስብ ግን አካባቢው ይወስናል፤ የእርስዎም ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ቅርፊቱ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቅርፊትን «የተጠራቀመ የሞተ ቆዳ» አድርጎ ስለሚያየው በስፖንጅና በድንጋይ ይዘምትበታል። የቆዳችን የመጨረሻው የላይኛው ንጣፍ ከሞቱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ በቅልጥም ላይ ውፍረቱ ከአንድ የጸጉር ዘለላ ያነሰ ነው። ሕዋሳቱ እንደ ብሎኬት ተደርድረው በመካከላቸው እንደ ሲሚንቶ የሚያገለግል ስብ አለ፤ ይህም ስብ በዋናነት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች የሚባሉትን ይዟል። ጤናማ ቆዳም በየቀኑ ይረግፋል፤ ነገር ግን ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ስለሚለቁ ዓይናችን አያያቸውም። ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያያዟቸውን ማሰሪያዎች የሚቆርጡት በቆዳው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ እነዚህ ኢንዛይሞች ደግሞ ሥራቸውን የሚሠሩት በቂ ውሃ ሲኖር ብቻ ነው። ንጣፉ ሲደርቅ ማሰሪያው ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ሕዋሳቱም አንድ በአንድ መለቀቃቸው ቀርቶ በመቶዎች ተጣብቀው እንደ ሳንቃ ይነሣሉ። በካልሲዎ ውስጥ የሚያዩት ዱቄት ይህ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ እነዚህ የተነሡ ጠርዞች ብርሃኑን ስለሚበትኑት እግሩ አመድ የለበሰ ይመስላል።

እንግዲህ ቅርፊቱ የሚፈልገው ውሃ ነው፤ በስፖንጅ መፈግፈጉ መፍትሔ ሊሆነው አይችልም። በስፖንጅ ሲፈገፍጉት ገና ያልተፈቱትን ማሰሪያዎች ከሥራቸው ካለው ንጣፍ ጋር አብረው ይገነጥሏቸዋል፤ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ ከውስጥ ያለው ውሃ በፍጥነት ይተናል፤ በማግስቱም ቅርፊቱ ሲመለስ ያገኙታል። ስለዚህ ስፖንጁን ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ቅባቶቹ እንምጣ። በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ክሬምና ሎሽን ሁሉ፣ ዋጋውና ስሙ ቢለያይም፣ ሦስት ዓይነት ሥራ በሚሠሩ ነገሮች ድብልቅ የተሠራ ነው። አንዱ ውሃ ይስባል፣ አንዱ ክፍተት ሞልቶ ያለሰልሳል፣ አንዱ ደግሞ ይከድናል። ባለሙያዎች ሂዩሜክታንት፣ ኢሞሊየንትና ኦክሉሲቭ ይሏቸዋል፤ እኔ ውሃ ሳቢ፣ አለስላሽና ከዳኝ ብዬ እቀጥላለሁ።

ውሃ ሳቢዎቹ ግሊሰሪን፣ ዩሪያ፣ ላክቲክ አሲድና ሃያሉሮኒክ አሲድ ናቸው። እነዚህ ውሃን ይዘው የማቆየት ጠባይ አላቸው፤ ቆዳችን ራሱም ዩሪያንና ላክቲክ አሲድን የመሰሉ ውሃ ያዦችን በተፈጥሮው ይሠራል። ችግሩ ውሃ ሳቢ የሆነ ነገር ውሃውን ካገኘበት ቦታ የሚወስድ መሆኑ ነው። ያልተበረዘ ግሊሰሪን ደረቅ እግር ላይ፣ ደረቅ አየር ውስጥ ሲቀባ ከአየሩ የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከሥሩ ካለው የቆዳ ክፍል ይስባል። የሳበውም ውሃ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ የሚከድነው ስለሌለ ይተናል። ለጥቂት ደቂቃ ያዩት መብረቅረቅ ግሊሰሪኑ ራሱና የሳበው ውሃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተሰማዎት መወጠርም ውሃው ጥሎ የሄደው ባዶነት ነው። እህትዎ ግን ይህንኑ ግሊሰሪን ስትቀባ አየሩ ያግዛታል። እርስዎ አየሩ የማይሰጥዎትን ውሃ ራስዎ መስጠት ይኖርብዎታል፤ ከሰጡም በኋላ መክደን።

አለስላሾቹ ውሃ አይስቡም። እነርሱ የሚሠሩት በተነሡት ቅርፊቶች ጠርዝ መካከል ገብተው ክፍተቱን መሙላት ነው፤ ስለዚህ እጅ ሲዳስሰው ወዲያውኑ ልስላሴ ይሰማዋል። የሺያ ቅቤ፣ የሱፍ ዘይት፣ ሴራማይድ፣ እንዲሁም በክሬም ጀርባ ላይ ሴቲል አልኮሆል ወይም ሴቲሪል አልኮሆል ተብለው የሚጻፉት ከዚህ ወገን ናቸው። «አልኮሆል» የሚለውን ቃል አይተው ክሬሙን የሚመልሱ ደንበኞች ብዙ ጊዜ ገጥመውኛል፤ እነዚህ ግን ከሰም ጋር የሚቀራረቡ የስብ ዓይነቶች እንጂ ቆዳ የሚያደርቀው የቁስል ማጽጃ አልኮል አይደሉም። አለስላሽ ብቻውን የሚሰጠው እፎይታ ፈጣን ነው፤ እንደ እርስዎ እግር እጅግ ለደረቀ ቆዳ ግን የውሃውን ጉዳይ ሳይነካው ያልፋል።

ከዳኞቹ በቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ውሃው እንዳይተን ያግዱታል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው በጣም ርካሹና በየሱቁ የሚገኘው ቫዝሊን ነው፤ በክሬም ጀርባ ላይ ስሙ ፔትሮላተም ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ብዙ ተፎካካሪ መጥቷል፤ ውሃን ከመትነን በማገድ ረገድ ግን እስካሁን የበለጠው ቅባት የለም። ከ98 በመቶ በላይ ሊያግድ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ሲለካ፣ ሌሎች ዘይቶች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ላይ ይቀራሉ። «ቫዝሊን ቆዳ አያስተነፍስም» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ቆዳ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በዋናነት የሚያገኘው ከደም ነው፤ ቫዝሊንም በላይኛው ንጣፍ ሕዋሳት መካከል ገብቶ ሲሚንቶው እስኪጠገን ድረስ ቦታውን ይይዝለታል። ድክመቱ ሌላ ነው። ቫዝሊን ውሃ አይጨምርም፤ ያለውን ብቻ ያቆያል። በደረቅ እግር ላይ ከተቀባ የሚያቆየው ድርቀቱን ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የጓደኛዎ ምክርም ሆነ የእህትዎ ምክር እያንዳንዱ ግማሽ ነው፤ ሁለቱን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ያጣምሯቸው። ሥራው ማታ ቢሆን ይሻላል፤ ቫዝሊኑ ልብስ ስለሚያበላሽና ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ። ገላዎን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይታጠቡ፤ ሙቅ ውሃ ሲሚንቶውን ያሟሟዋል። ሳሙናን በብብት፣ በብሽሽትና በእግር መዳፍ ብቻ ይወስኑት፤ ቅልጥም ላይ ላብም ሆነ ቆሻሻ ብዙ ስለማይኖር ውሃ ይበቃዋል። የልብስ ሳሙና ለገላ አይሁን፤ ብዙው ጠጣር ሳሙና የቆዳን የተፈጥሮ አሲዳማነት የሚያዛባ ነው። ሲጨርሱ ፎጣውን በእግርዎ ላይ ጫን ጫን ብቻ ያድርጉት፤ አይሹት። እግሩ እርጥብ ሆኖ ውሃው ግን የማይንጠባጠብበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ደብዳቤዎ ላይ «በደንብ ደርቄ» ያሉት ነገር ነው እስካሁን ልፋትዎን ሁሉ ከንቱ ያደረገው።

ግሊሰሪኑን ደግሞ አስቀድመው በርዘው ይጠብቁት። አንድ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን ፈልቶ በቀዘቀዘ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ውሃ ሲበረዝ አሥር በመቶ ያህል ይሆናል፤ በብዙ ጥሩ ክሬሞች ውስጥ ያለው መጠንም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ይህን ውህድ ለአንድ ማታ ብቻ ያዘጋጁ፤ ያልተበረዘ ግሊሰሪን በጠርሙሱ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ሲቀመጥ፣ የተበረዘው ግን ጀርም ስለሚያበቅል የተረፈውን መድፋት ነው። ከታጠቡ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በእርጥቡ እግር ላይ ይቀቡት፤ እስኪደርቅም ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ከላይ ቫዝሊኑን ይደርቡበት። ቫዝሊኑን በሁለት መዳፍዎ መካከል አሽተው ካሞቁት በቀላሉ ይሳሳል፤ ወደ ታች፣ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ያልብሱት። ትክክለኛ መጠን ተቀብተው እንደሆነ የሚያውቁት እግርዎ ወዝ ኖሮት ወረቀት ሲነካው ወረቀቱ በስሱ የሚወዛ ሲሆን ነው። ቅባቱ የሚንጠባጠብ ከሆነ አብዝተዋል። ከዚያ አሮጌ የጥጥ ካልሲ ወይም ሱሪ ለብሰው ይተኙ።

የግሊሰሪን ውህድና ቫዝሊን በአንድ ላይ መሥራታቸው በአገራችን በሌላ ከባድ ችግር ላይም ተፈትሿል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ማለትም ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች፣ እግራቸው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃልም፤ መደበኛው እንክብካቤ ታጥቦ ቫዝሊን መቀባት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የኢትዮጵያ ጥናት በእግር መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ሁለት በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመርበት፣ የሚያስፈልገው ውሃ ከቀድሞው በእጅጉ አንሶ፣ የቆዳው እርጥበትና ውሃን የመያዝ አቅሙ ከተለመደው እንክብካቤ በተሻለ ሁኔታ መሻሻሉ ታይቷል። ሁለት በመቶ ማለት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አራት የሻይ ማንኪያ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ግሊሰሪን ብዙ ሲሆን ሳይሆን ውሃ ሲያገኝ ነው የሚረዳው።

ጠዋት ቫዝሊን ተቀብተው ሱሪና ስቶኪንግ መልበስ እንደማይመችዎ አውቃለሁ። ለዚያ ጊዜ ሎሽን ሳይሆን ክሬም ይግዙ፤ ሎሽን በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ እጅግ ለደረቀ እግር አይበቃም። ጠርሙሱን ገልብጠው ቢያዩ ይዘቱ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ተደርድሮ ይጻፋል፤ ከውሃው ቀጥሎ ባሉት አራት አምስት ስሞች ውስጥ ግሊሰሪን ወይም ዩሪያ ካለ፣ አብሮም ፔትሮላተም፣ ፈሳሽ ፓራፊን ወይም ዲሜቲኮን ካለ፣ ውሃ ሳቢውና ከዳኙ ተሟልተዋል ማለት ነው። ሽቶ የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ለሽቶ በቀላሉ ይቆጣል። መጠኑንም አይሰስቱ። ከሌባ ጣትዎ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የሚወጣ የክሬም መስመር ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። አንድ ሙሉ እግር ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት ስድስት ጣት፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ደግሞ ሁለት ጣት ይፈልጋል፤ ለሁለቱም እግሮች በአጠቃላይ አሥራ ስድስት ጣት፣ ማለትም ስምንት ግራም ይሆናል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀቡ እንኳ 50 ግራም የሚይዝ ቱቦ ከስድስት ቀን አይዘልልዎትም። ወር ሙሉ የቆየልዎት ትንሽ ክሬም ካለ «አልሠራልኝም» ብለው አይፍረዱበት፤ በበቂ መጠን አልተቀቡትም።

የእናትዎን ቅቤ ሳልረሳ። ቅቤ አለስላሽ ነው፤ በመጠኑም ይከድናል፤ ለጸጉር ለቆየ ልማዳችን ክብር አለኝ። ለእግርዎ ግን አልመርጠውም። ቅቤ ኦሌይክ የሚባለውን የስብ አሲድ ይዟል፤ ይህ አሲድ በወይራ ዘይት ውስጥ እጅግ በዝቶ የሚገኝ ሲሆን፣ የወይራ ዘይት ተደጋግሞ ሲቀባ የቆዳውን ሲሚንቶ እንደሚያላላ በሰው ቆዳ ላይ በተደረገ ሙከራ ታይቷል። ያልነጠረ ቅቤ ከዚህም በላይ የወተት ፕሮቲንና ጀርም ይዞ ወደ ስንጥቁ ሊገባ ይችላል። የተፈጥሮ ነገር ካልሆነ የሚሉ ከሆነ፣ የተጣራ የሱፍ ዘይት ከእርጥብ ቆዳ ላይ ቢቀቡ ይሻላል፤ ከቫዝሊን ግን ያንሳል።

ውጤቱን በዚህ መልክ ይጠብቁ። መወጠሩና ማሳከኩ በሦስት አራት ቀን ውስጥ መቀነስ አለበት። ቅርፊቱ ግን ይዘገያል፤ ይህ ንጣፍ ሙሉ በሙሉ የሚታደሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን ጀምረው አሮጌዎቹን ሳንቃዎች እስኪለቁ መታገሥ ያስፈልጋል። ጠዋት ከመቀባትዎ በፊት በቅልጥምዎ ላይ ጥፍርዎን በስሱ ያስኪዱት፤ ነጭ መስመር ከቀረ ገና ነው፤ መስመሩ እየደበዘዘ ከሄደ መንገዱ ትክክል ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወፍራም ቅርፊት የቀረበት ቦታ ካለ፣ አሥር በመቶ ዩሪያ ያለበት ክሬም በዚያ ቦታ ይጨምሩ፤ ዩሪያ በዚህ መጠን ውሃ ይይዛል፣ ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ደግሞ ቅርፊት ያሟሟል። ስንጥቅ ላይ ከተቀባ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ስንጥቁ እስኪገጥም በቫዝሊን ብቻ ይቆዩ። ይህ ዩሪያ ከገበሬው ማዳበሪያ ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር መሆኑ እውነት ነው፤ ከጆንያ ቀንጭቦ ለመበጥበጥ የሞከረ ሰው አጋጥሞኝ ስለነበር ግን ልናገር፤ የማዳበሪያው ለቆዳ አልተጣራም፣ መጠኑንም በቤት ማስተካከል አይቻልም።

ሊሳሳቱባቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። በጸጉሩ ሥር ቀያይ ወይም መግል የቋጠሩ ትንንሽ ጉብታዎች ከወጡ ቫዝሊኑ በዝቷል ወይም ወደ ላይ ታሽቷል፤ ለጥቂት ቀን ትተው በክሬሙ ብቻ ይቀጥሉ። በእግር ጣቶች መካከል ቆዳው ነጥቶ ከተቀረፈ ደግሞ ያ ድርቀት ሳይሆን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ቫዝሊን አይክደኑበት፤ ፈንገስ እርጥበቱን ይወደዋል። ከዚህ ሌላ ቫዝሊንና ፓራፊን የጠጣ ካልሲ፣ አንሶላ ወይም ነጠላ እሳት በቀላሉ ይይዘዋል፤ በከሰል ምድጃና በሻማ አጠገብ ለብሰውት አይቀመጡ፣ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ ይጠቡት።

ብዙ ውሃ ይጠጡ የሚል ምክር ከእኔ ጠብቀው ይሆናል፤ አልሰጥዎትም። ጥምዎን የሚያረኩ ከሆነ ተጨማሪ ብርጭቆ ቅልጥምዎ ላይ ብዙም አይታይም። ይልቅ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ ድርቀቱ ከሕፃንነትዎ ጀምሮ የነበረ፣ የእጅ መዳፍዎ መስመሮች ከሌላው ሰው ይልቅ የበዙና የጠለቁ፣ ከቤተሰብም ተመሳሳይ እግር ያለው ሰው ካለ፣ ኢክቲዮሲስ የሚባለው የዘር ድርቀት ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ቅባቱ ይረዳዎታል እንጂ አያድንዎትም፤ ባቆሙት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅርፊቱ ይመለሳል፤ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ ቅርፊቱ ሳይታይ መጀመር ይኖርብዎታል።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላዩ፣ ወይም ድርቀቱ ከድካምና ከክብደት ለውጥ ጋር አብሮ ከመጣ፣ ሐኪም የታይሮይድ፣ የስኳርና የኩላሊት ምርመራ ሊያዝልዎት ይችላል። የሚያዥ፣ የቀላና ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ችፌ፣ ጠርዙ ቀለበት ሠርቶ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ጭርት መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ማንም ሰው «ይህ ቶሎ ያጠፋልሻል» ብሎ ስቴሮይድ ያለበትን የፊት ማቅያ ክሬም ቢሰጥዎ ግን አይቀበሉት፤ ለጥቂት ቀን አለስልሶ ያሳምናል፤ ሲደጋገም ቆዳውን ያሳሳዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ላብ የማያወጣ፣ በጥጥ ሲነካ የማይሰማ ደረቅ ቁራጭ ካገኙ ደግሞ ቅባት እየሞከሩ ጊዜ አይፍጁ፤ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልገዋል። በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነውና በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም በአለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል በቶሎ ይታዩ።